ገንዳው ወተት ሲመስል፣ ዓሦቹም ላይ ላይ ሲሉ፦ ከፎቶው እስከ ዓሦቹ ቁጥር

ሰዎች የዓሣ ገንዳቸውን ፎቶ ያነሱና "ውኃው ለምን እንዲህ ሆነ? ምን ልጨምርበት?" ብለው ይጠይቃሉ። ፎቶው ላይ ውኃው ነጭ ነው፣ ዓሦቹም ከላይ ተሰብስበው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። አብዛኛው ሰው ውኃውን ሙሉ በሙሉ ደፍቶ፣ ጠጠሩንና የፊልተሩን ስፖንጅ በቧንቧ ውኃ አጥቦ እንደ አዲስ ይጀምራል። ለአንድ ቀን ይጠራል። ከዚያ ተመልሶ ይደፈርሳል፣ ዓሦችም መሞት ይጀምራሉ። ይህ መመሪያ የተጻፈው ይህ ስህተት ደጋግሞ ስለሚሠራ ነው።

ሥራውን ከጥግ እስከ ጥግ በአንድ ገንዳ ላይ እናየዋለን። ገንዳው 60 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 30 ስፋት፣ 36 ከፍታ አለው። ውኃ ከተሞላ 10 ቀኑ ነው። ውስጡ 3 ጎልድፊሽ፣ 2 ኤንጅልፊሽ፣ 1 ፕሌኮና 8 ኒዮን ቴትራ አሉ። ባለቤቱ በ7ኛው ቀን ውኃው ሲደፈርስበት ሁሉንም ነገር አጥቧል። አሁን ደመናው ከበፊቱ ብሷል።

## ከመጀመራችሁ በፊት

እነዚህን አጠገባችሁ አድርጉ፦

- የአሞኒያ፣ የናይትራይት፣ የናይትሬትና የፒኤች፣ ማለትም የውኃው አሲዳማነት፣ መመርመሪያ። በጠብታ የሚሠራው ከወረቀቱ ይሻላል፤ በተለይ ለአሞኒያ።
- ክሎሪን ማጥፊያ ፈሳሽ።
- ቴርሞሜትር፣ ሜትር፣ ነጭ ኩባያ።
- ሳሙና ነክቶት የማያውቅ ባልዲና ውኃ መሳቢያ ቱቦ።
- የአየር ፓምፕ ካለ።

መመርመሪያ ሳይኖራችሁ መድኃኒት አትግዙ። ውኃ አጥሪ ተብለው የሚሸጡ ፈሳሾች ደመናውን ቢያስወግዱም አሞኒያውን አይነኩትም። ዓሣውን የሚገድለው ደግሞ ከራሱ ከዓሣው የሚወጣው የማይታየው አሞኒያ ነው።

## ደረጃ 1፦ ፎቶውን በትክክል አንሱ፣ ከዚያ አንብቡት

የስልክ ካሜራ ያታልላል። ፍላሽ ሲበራ ንጹሕ ውኃ ውስጥ ያሉ ትንንሽ የአየር አረፋዎች ነጭ ደመና ይመስላሉ። ካሜራው ቀለሙን በራሱ ስለሚያስተካክል አረንጓዴ ውኃም ግራጫ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ፦

1. የመስታወቱን ውጭ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ።
2. ፍላሽ አጥፉ። የገንዳውን መብራት ብቻ ተዉ።
3. ከገንዳው ጀርባ ወፍራም ጥቁር መስመር የተሰመረበት ነጭ ወረቀት ለጥፉ። መስመሩ ጠርቶ መታየቱ ወይም መደብዘዙ የደመናው መለኪያችሁ ነው።
4. ከፊት አንድ፣ ከጎን አንድ አንሱ። ዓሦቹን ደግሞ ለ20 ሰከንድ ያህል በቪዲዮ ቅረጹ። የሚተነፍሱበት የስንጥባቸው ፍጥነት በፎቶ አይታይም።
5. በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓትና ከተመሳሳይ ቦታ ድገሙት።

አሁን ፎቶውን አንብቡ። መጀመሪያ ውኃውን ሳይሆን ዓሦቹን እዩ። የት ናቸው? ሁሉም ከላይ ከሆኑ ኦክስጅን አንሷቸዋል፣ ወይም ስንጥባቸው ተጎድቷል። ክንፋቸውን ወደ ሰውነታቸው አጣብቀው ጥግ ላይ ከቆሙ ተጨንቀዋል። ቀለማቸው መደብዘዙም፣ ከጠጠርና ከድንጋይ ጋር መታከካቸውም ያው ምልክት ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ሁሉም ዓሦች በአንድ ጊዜ ከተጨነቁ ጥፋቱ የውኃው ነው። አንዱ ብቻ ተለይቶ ጥግ ከያዘ ግን ወይ ታሟል፣ ወይ ሌላው እያሳደደው ነው። ይህን ሳይለዩ ገንዳው ውስጥ መድኃኒት የሚጨምሩ ሰዎች ደህናዎቹንም ይጎዳሉ።

ከዚያ ዙሪያውን እዩ። ጠጠሩ ላይ የተረፈ ምግብ አለ? ከፊልተሩ የሚወጣው ውኃ የላዩን ውኃ ያንቀሳቅሰዋል ወይስ ጸጥ ያለ ነው? ስፖንጁስ አዲስ እንደተገዛ ንጹሕ ነው? በእኛ ፎቶ ላይ ስፖንጁ ነጭ ነው። ይህ ጥሩ ምልክት አይደለም። ሥራውን የጀመረ ስፖንጅ ቡናማ ነው።

## ደረጃ 2፦ ደመናው የትኛው እንደሆነ ለዩ

በነጭ ኩባያ ከገንዳው ውኃ ቅዱና በቀን ብርሃን እዩት። ኩባያው ውስጥ ያለው ጥርት ብሎ ከታየ ችግሩ የመስታወቱ ወይም የካሜራው ነው።

ግራጫ፣ አቧራ የሚመስል፤ ገንዳው በተሞላ በሰዓታት ውስጥ የመጣ። በደንብ ያልታጠበ ጠጠር ነው። በአንድ ሁለት ቀን ይዘቅጣል ወይም ፊልተሩ ይይዘዋል። ዓሣ አይጎዳም።

እንደ ሻይ ቡናማ፣ ግን በውስጡ አሻግሮ የሚያሳይ። ከገንዳው እንጨት የሚወጣ ቀለም ነው። ጉዳት የለውም።

አረንጓዴ። በውኃው ውስጥ የሚንሳፈፍ አልጌ ነው። መብራቱ በዝቷል ወይም ፀሐይ በቀጥታ ያርፍበታል። መብራቱን አጥፍታችሁ ገንዳውን ለ3 ወይም ለ4 ቀን በወፍራም ጨርቅ ሸፍኑ፤ አየር እንዲገባ ግን ከላይ ክፍተት ተዉ። ከዚያ መብራቱን በቀን ለ6 እስከ 8 ሰዓታት ያህል ብቻ አብሩ።

ነጭ፣ ወተት ጠብ ያለበት የሚመስል፤ ከተሞላ ከ2 ቀን እስከ 2 ሳምንት ባለው ጊዜ የመጣ። የእኛ ገንዳ ይህ ነው። ሌላው ሰው ሁሉ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት።

ይህ ነጭ ነገር ቆሻሻ አይደለም። በሕይወት ያለ ባክቴሪያ ነው። የተረፈ ምግብና የዓሣ ኩስ ሲበሰብስ ይህ ባክቴሪያ ይመገበዋል፣ ምግብ ካገኘ ደግሞ በጣም በፍጥነት ይራባል። በራሱ መርዝ አይደለም፤ ግን ኦክስጅን ይሻማል። ዓሦቹ ላይ ላይ የሚሉበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሌላ ዓይነት ባክቴሪያ ደግሞ አለ። እሱ ውኃው ውስጥ አይንሳፈፍም፤ ስፖንጁና ጠጠሩ ላይ ተጣብቆ ይኖራል። የዓሣውን አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጣል። የናይትሬት ጉዳት ከሁለቱ እጅግ ያነሰ ነው። ይህ ጠቃሚ ባክቴሪያ ግን ቀርፋፋ ነው። በቁጥር እጥፍ ለመሆን አንድ ቀን ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። አዲስ ገንዳ ውስጥ ተደላድሎ እስኪሠራ በተለምዶ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ያስፈልጋል።

አሁን የባለቤቱን ስህተት ማየት ይቻላል። በ7ኛው ቀን ስፖንጁን በቧንቧ ውኃ ሲያጥብ ክሎሪኑ ገና እየበቀለ ያለውን ጠቃሚ ባክቴሪያ ገደለው። ፈጣኑ ባክቴሪያ ግን በሁለት ቀን ተመለሰ። አሞኒያውን የሚበላው ጠፋ፣ ዓሦቹ ግን አሞኒያ ማምረታቸውን አላቆሙም።

## ደረጃ 3፦ ውኃውን መርምሩ

ከመቀየራችሁ በፊት መርምሩ። ከቀየራችሁ በኋላ ብትመረምሩ የችግሩን መጠን አታውቁትም።

1. መመርመሪያ ብልቃጡን በዚያው በገንዳው ውኃ አለቅልቁት።
2. የጠብታውን ጠርሙስ በደንብ ነቅንቁ። ጠርሙሱን ቀጥ አድርጋችሁ ዘቅዝቁ፤ ካዘነበላችሁት ጠብታዎቹ እኩል አይሆኑም።
3. መመሪያው ያለውን ደቂቃ ሙሉ ጠብቁ። ቀድሞ ማንበብ ውጤቱን ያሳንሳል።
4. ቀለሙን በቀን ብርሃን አመሳክሩ፣ ቁጥሩን ከቀኑ ጋር ጻፉ።
5. የቧንቧውንም ውኃ መርምሩ። ፒኤቹ ከገንዳው ምን ያህል እንደሚለይ ማወቅ አለባችሁ።

አሞኒያና ናይትራይት ሁለቱም 0 መሆን አለባቸው። ናይትሬት ከ40 ሚሊ ግራም በሊትር በታች ይሁን፤ 20 ቢሆን የበለጠ ይመረጣል።

የእኛ ገንዳ አሞኒያ 2 ሚሊ ግራም በሊትር፣ ናይትራይት 0፣ ፒኤች 7.8፣ ሙቀት 27 ዲግሪ አወጣ። አሞኒያው ሳይነካ፣ ናይትራይቱም ገና ሳይጀምር መገኘቱ ጠቃሚው ባክቴሪያ እንደሌለ ይነግረናል።

ፒኤቹን አትዝለሉት። መመርመሪያው የሚነግራችሁ ጠቅላላውን አሞኒያ ነው። ከዚያ ውስጥ ስንጥብ የሚያቃጥለው አንዱ ክፍል ብቻ ነው፤ ክፍሉን የሚወስኑት ደግሞ ፒኤችና ሙቀት ናቸው። በ25 ዲግሪ ሙቀት፣ ፒኤች 7 ላይ ከጠቅላላው 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። ፒኤች 8 ላይ 5 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ "የጓደኛዬ ገንዳ 2 ደርሶ ምንም አልሆነም" የሚለው ንግግር ያለ ፒኤች ትርጉም የለውም።

## ደረጃ 4፦ ዛሬውኑ የሚደረገው

ቅደም ተከተሉን ጠብቁ፤ እጃችሁን ውኃ ውስጥ በምትከቱበት ጊዜ ሁሉ ግን መጀመሪያ የማሞቂያውንና የፊልተሩን ሶኬት ንቀሉ።

1. ምግብ አቁሙ። ለ2 ቀን ምንም አትስጡ። ጤነኛ ያደገ ዓሣ ለጥቂት ቀናት ሳይበላ ምንም አይሆንም። የተረፈውን ምግብ በቱቦ ሳቡ።

2. አየር ጨምሩ። የአየር ፓምፕ ካለ አስገቡ። ከሌለ የፊልተሩን መውጫ ወደ ላይ አዙሩና የላዩ ውኃ እንዲረበሽ አድርጉ። ኦክስጅን የሚገባው በሚንቀሳቀሰው የውኃ ፊት በኩል ነው። ሙቀቱ 27 ከሆነ ማሞቂያውን ቀስ በቀስ ወደ 25 አውርዱት፤ ሞቃት ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን ያነሰ ነው።

3. የማሞቂያውንና የፊልተሩን ሶኬት ንቀሉ። እጃችሁን ውኃ ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት። ማሞቂያው ትኩስ እንዳለ ከውኃ ውጭ ከቀረ ይሰነጠቃል።

4. ግማሹን ውኃ ቀይሩ። አዲሱ ውኃ ከገንዳው ሙቀት በ1 ወይም በ2 ዲግሪ ብቻ ይለይ። ክሎሪን ማጥፊያውን በባልዲው ውስጥ እያለ ጨምሩ። ውኃን አንድ ቀን ማሳደር ክሎሪንን ያስወጣል፤ በክሎሪን ፈንታ ክሎራሚን የተጨመረበትን ውኃ ግን አያስተካክለውም። የቧንቧችሁ ውኃ የትኛው እንደተጨመረበት ካላወቃችሁ ማጥፊያውን ተጠቀሙ።

5. ቀስ ብላችሁ አፍስሱ። ጠጠሩ እንዳይረበሽ ሳሕን አስቀምጣችሁ እላዩ ላይ አፍስሱ። ከዚያ ሶኬቶቹን መልሱ፣ ፊልተሩ ውኃ መሳብ መጀመሩን ሳታዩ አትሂዱ።

6. ስፖንጁን አትንኩት። ውኃ መግፋት እስኪያቅተው ካልተዘጋ በቀር። ከተዘጋ ከገንዳው በተቀዳ ውኃ ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ጨመቅ አድርጉና መልሱት።

ማስጠንቀቂያ። ገንዳው የቆየና ውኃው ለወራት ያልተቀየረ ከሆነ፣ ፒኤቹም ከ6.5 በታች ወርዶ የቧንቧው ከ7.5 በላይ ከሆነ፣ ግማሹን በአንዴ አትቀይሩ። አሲዳማው ውኃ ውስጥ ጉዳት ሳያደርስ የቆየው አሞኒያ ፒኤቹ ድንገት ሲጨምር ወደ መርዛማው ይለወጣል። እንዲህ ያለ ገንዳ በቀን ከ10 እስከ 15 በመቶ እየተቀየረ ነው የሚመለሰው።

ከተቀየረ በኋላ ደመናው ሳስቶ ነገ ደግሞ ተመልሶ ታገኙት ይሆናል። አትደንግጡ። ውኃ የቀየራችሁት አሞኒያውን ለማውረድ ነው። ደመናው የሚጠፋው ባክቴሪያው የሚበላው ሲያልቅበት ነው፤ ብዙ ጊዜ በጥቂት ቀናት፣ አንዳንዴም ከሳምንት በኋላ።

ከ1 ሰዓት በኋላም ዓሦቹ ላይ ላይ ካሉ መጀመሪያ የላዩ ውኃ መረበሹን አረጋግጡ። እሱ ደህና ከሆነ አሞኒያውን ድገሙና መርምሩ። አሁንም ከ1 በላይ ከሆነ በዚያው ቀን ሌላ 30 በመቶ ቀይሩ።

## ደረጃ 5፦ ዓሦቹን ቁጠሩ

ደመናው በመጥራቱ ሥራው አልቋል ብላችሁ እዚህ ካቆማችሁ፣ በሚቀጥለው ወር ሌላ ፎቶ ታነሳላችሁ። ገንዳው የሚችለውን ያህል ዓሣ ብቻ ነው መያዝ ያለበት።

መጀመሪያ እውነተኛውን የውኃ መጠን አግኙ። ገንዳው ላይ የተጻፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ በውጭ ልኬቱ የተሰላ ነው። 60 በ30 በ36 ሲባዛ ወደ 65 ሊትር ይመጣል። እናንተ ግን ከውስጥ ለኩ፣ ከፍታውን ደግሞ ከጠጠሩ በላይ እስከ ውኃው ፊት ድረስ ብቻ ውሰዱ። በእኛ ገንዳ 59 በ29 በ26 ሆነ። ውጤቱን ለ1,000 ስናካፍል 44 ሊትር ገደማ ነው። ሰውየው 65 ሊትር አለኝ ብሎ ነው ዓሣ የገዛው።

ከዚያ የዓሦቹን ሙሉ እድገት ጻፉ። ዛሬ ያላቸውን ርዝመት አትጻፉ። ሲገዙ ሁሉም ትንንሽ ናቸው።

- ኒዮን ቴትራ ወደ 4 ሴንቲ ሜትር ያድጋል።
- ኤንጅልፊሽ ወደ 15፤ ከክንፉ ጋር ቁመቱ ከርዝመቱ ይበልጣል።
- ጎልድፊሽ እንደ ዓይነቱ ከ15 እስከ 30።
- ተራው ፕሌኮ 30 አልፎ ይሄዳል።

አሁን መለኪያውን ተጠቀሙ። በብዛት የሚባለው "ለ1 ሴንቲ ሜትር ዓሣ 1 ሊትር" ነው። እኔ ይህን የምቀበለው ከ5 ሴንቲ ሜትር ለማይበልጡ ቀጫጭን ዓሦች ብቻ ነው፤ ለእነሱም እንደ ጣሪያ እንጂ እንደ ግብ አይደለም። ምክንያቱ ቀላል ነው። የዓሣ ርዝመት እጥፍ ሲሆን ክብደቱ 8 እጥፍ ይሆናል፣ ምክንያቱም ስፋቱም ውፍረቱም አብረው ያድጋሉ። አንድ 20 ሴንቲ ሜትር ጎልድፊሽና አምስት 4 ሴንቲ ሜትር ኒዮኖች በሜትር እኩል ናቸው። በሚጥሉት ቆሻሻ ግን ፈጽሞ አይገናኙም።

ለትልልቆቹ ስለዚህ በሴንቲ ሜትር መደመሩን ተዉት። ለየዓይነቱ ዝቅተኛውን የገንዳ መጠን ነው ማወቅ ያለባችሁ። ክብ ሰውነት ላለው አጭር ጎልድፊሽ ለመጀመሪያው 75 ሊትር፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ 40 ሊትር ያህል ይመከራል። ረጅሙ ጎልድፊሽ የኩሬ ዓሣ ነው። ሁለት ኤንጅልፊሾች ወደ 150 ሊትር የሚጠጋና ቢያንስ 45 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ገንዳ ይፈልጋሉ። ተራው ፕሌኮ ከ400 ሊትር በታች አይሆንም።

በእኛ ገንዳ ይህን እንሥራ። 8 ኒዮን በ4 ሲባዛ 32። 3 ጎልድፊሽ በ20 ቢባዛ 60። 2 ኤንጅልፊሽ በ15፣ 30። ፕሌኮው 35። ድምሩ 157 ሴንቲ ሜትር፣ ውኃው 44 ሊትር። በዚያ ላይ ለሦስቱ ትልልቅ ዓይነቶች ገንዳው ጠባብ ነው።

ቁጥሩ ባይበዛ እንኳ አብረው አይኖሩም ነበር። ጎልድፊሽ ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ይስማማዋል፣ ኒዮን ከ22 እስከ 26። አንዱን ስታስደስቱ ሌላውን ታስጨንቃላችሁ። ያደገ ኤንጅልፊሽ ደግሞ ኒዮንን ይበላል።

ውሳኔው ስለዚህ ግልጽ ነው። ጎልድፊሾቹ፣ ኤንጅልፊሾቹና ፕሌኮው ወደ ሻጩ ወይም ትልቅ ገንዳ ወዳለው ሰው ይሂዱ። ወንዝ ወይም ሐይቅ ውስጥ በፍጹም አትልቀቋቸው። 8ቱ ኒዮኖች ይቆዩ፤ 32 ሴንቲ ሜትር ናቸው፣ ጣሪያው 44 ነው። የቀረውን ክፍተት ባዶ ተዉት። አንድ ቀን መብራት ሲጠፋ ወይም አንድ ዓሣ ሳይታይ ሞቶ ሲበሰብስ ገንዳውን የሚያተርፈው ያ ክፍተት ነው።

ማሳሰቢያ የሚሆን ሌላ ነገር ልጨምር፦ የሚወልዱ ዓሦችን፣ እንደ ጉፒ ያሉትን፣ በዛሬ ቁጥራቸው አታስሉ። አንዲት ሴት ጉፒ በየወሩ ገደማ ብዙ ጫጩት ትጥላለች። ትንሽ ገንዳ ካላችሁ ወንዶቹን ብቻ ያዙ።

## ደረጃ 6፦ የሚቀጥሉት ሳምንታት

ዓሦቹን ከቀነሳችሁም በኋላ ጠቃሚው ባክቴሪያ እስኪያድግ መጠበቅ አለ። የእኛ ገንዳ እንዲህ ሄደ። በመጀመሪያው ቀን ግማሹ ሲቀየር አሞኒያው ከ2 ወደ 1 ወረደ። በማግስቱ 1.5 ሆኖ ተገኘ፤ ዓሦቹ በአንድ ቀን ግማሽ ሚሊ ግራም ጨምረዋል ማለት ነው። እንደገና ግማሹ ተቀየረና 0.75 ሆነ። በዚያው ቀን ትልልቆቹ ዓሦች ወጡ። በሦስተኛው ቀን 0.8 ብቻ ነበር። ጭማሪው ከ0.5 ወደ 0.05 ወርዷል። የችግሩ ምንጭ የቱ እንደነበር ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር የለም።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥርዓት ይህ ነው፦

1. አሞኒያና ናይትራይትን በየቀኑ መርምሩ። ከሁለቱ አንዱ 0.5 ከደረሰ ከ30 እስከ 50 በመቶ ቀይሩ።
2. ከ2 ቀን ጾም በኋላ በሁለት ቀን አንዴ፣ በ1 ደቂቃ የሚጨርሱትን ብቻ ስጡ።
3. ፊልተሩን ቀንም ሌሊትም አታጥፉ።
4. ጤነኛ የቆየ ገንዳ ያለው ሰው ካወቃችሁ ከፊልተሩ ቁራጭ ስፖንጅ ለምኑት። በገንዳው ውኃ እንደረጠበ አምጡና ወዲያው ፊልተራችሁ ውስጥ አስገቡ። ሳምንታት ይቆጥብላችኋል። የታመመ ዓሣ ካለበት ገንዳ ግን አትውሰዱ።

ናይትራይት ሲወጣ። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት አሞኒያው እየወረደ ናይትራይት ይጨምራል። ይህ የሚጠበቅ ነው፤ ሥራው ተጀምሯል ማለት ነው። ግን ናይትራይት ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል፣ ስለዚህ አየር በቂ ሆኖ እያለ ዓሦች እንደገና ላይ ላይ ሊሉ ይችላሉ። ውኃ ከመቀየር ጎን ለጎን ለ10 ሊትር 1 ግራም ተራ ጨው ይረዳል። ለ44 ሊትር ከአንድ የሻይ ማንኪያ ትንሽ ጎደል ያለ ነው። በኩባያ ውኃ አሟሙታችሁ ቀስ ብላችሁ ጨምሩ። ጨው አይተንም፤ ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ የምትጨምሩት በቀየራችሁት ውኃ መጠን ብቻ ነው።

መብራት ለሰዓታት ሲጠፋ። በተዘጋ ፊልተር ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ኦክስጅን አጥቶ ይሞታል። ስፖንጁን አውጥታችሁ ገንዳው ውስጥ አስቀምጡት። ውኃውን በየተወሰነ ጊዜ በኩባያ እየቀዳችሁ ከፍ አድርጋችሁ መልሳችሁ አፍስሱ። መብራት ሲመጣ ፊልተሩ ውስጥ የቀረውን የሚሸት ውኃ ድፉትና ስፖንጁን መልሱ።

አሞኒያና ናይትራይት 0 ሆነው ዓሣ ከታመመ። አሁን ነው ስለ በሽታ ማሰብ የሚገባው። የጨው ፍሬ የሚመስሉ ነጫጭ ነጥቦች ከታዩ የነጭ ነጥብ በሽታ ነው፤ ለእሱ ተብሎ የተሠራ መድኃኒት አለ። መድኃኒት ስትጨምሩ ፊልተሩ ውስጥ ያለውን ከሰል አውጡ፣ መድኃኒቱን ይመጠዋልና።

ዓሦች በሥርዓቱ እየበሉ፣ አሞኒያና ናይትራይት ለ1 ሳምንት ሳይንቀሳቀሱ 0 ከሆኑ ገንዳው ተደላድሏል። ከዚያ በኋላ በሳምንት አንዴ 25 በመቶ መቀየር ይበቃል። አዲስ ዓሣ ካስፈለገ ከ3 ወይም ከ4 ትንንሾች በላይ በአንዴ አታስገቡ። ባስገባችሁ በ3ኛውና በ7ኛው ቀን መርምሩ። አሞኒያው ትንሽም ቢሆን ከታየ ምግቡን ቀንሱ፣ ውኃ ቀይሩ፣ ቀጣዩንም ዓሣ መልሶ 0 ሆኖ 2 ሳምንት ሳይሞላ አትግዙ።